ጥምቀትን በቅናሽ፦ አንድ የጎንደር ሆቴል ለአስጎብኚ ድርጅት የሚጽፈው ደብዳቤ

ጎንደር ላይ የጥምቀት አልጋ የሚሸጠው በጥር አይደለም። በከተራ ዕለት ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ፣ ከተማው ውስጥ ክፍል ፍለጋ ሻንጣውን ተሸክሞ የሚዞር እንግዳ ብዙ ነው፤ የዚያን ዕለት የሚገኘው ግን ከሌላ የተረፈ ብቻ ነው። ዋናው ሽያጭ ያለቀው ከስምንትና ከዘጠኝ ወር በፊት፣ የሚያዝያ ፀሐይ ከተማውን በሚያቃጥልበትና ሆቴሎቹ ግማሽ ባዶ በሆኑበት ጊዜ ነው። የሚሸጠውም በደብዳቤ ነው።

ደብዳቤው ሆቴሉ ለአስጎብኚ ድርጅት የሚልከው የቡድን ዋጋ ማቅረቢያ ሲሆን፣ በሙያው ቋንቋ «ግሩፕ ሬት» ይባላል። በውስጡ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ክረምት ላይ ሆቴል ባዶ ሲሆን ዋጋ መቀነስ ለማንም ይገባል። በጥምቀት ግን አልጋው ያለ ቅናሽም ይሸጣል። ታዲያ አስተዋይ ሥራ አስኪያጅ በዓመቱ ውድ ሰሞን ለምን ቅናሽ ታቀርባለች?

መልሱ ከቁጥር ጋር ሲታይ ይጠራል። ስለዚህ ጎንደር ላይ አንድ ባለ 40 ክፍል ሆቴል እናስብ። ሆቴሉም፣ ሥራ አስኪያጇም፣ የብሩ መጠንም ለምሳሌ የተበጁ ናቸው፤ አሠራሩ ግን በሙያው ያለው ነው። ሆቴሉ በጥምቀት ሰሞን ለግለሰብ እንግዳ አንድ ክፍል በ6,000 ብር ይሸጣል፤ በአካባቢው ባሉት ሌሎች የጥር ቀናት ደግሞ በ4,000 ብር። አንድ አስጎብኚ ድርጅት ከውጭ የሚያመጣው ቡድን እንዳለውና 16 ክፍል እንደሚፈልግ ጠይቋል። የሆቴሉ ባለቤት ነገሩን ሲሰሙ ወዲያው አልጣማቸውም።

«ልጄ፣ በከተራ ለምኖ የሚገባ እንግዳ እያለ ለምን እንቀንሳለን?»

«ጋሼ፣ እኔ የምሸጠው ሁለቱን ሌሊት ሳይሆን አምስቱን ነው» ትላቸዋለች፤ ያለፉትን ዓመታት የእንግዳ መዝገብም ታወጣለች።

መዝገቡ የሚያሳየው ይህን ነው። ሆቴሉ በእርግጥ ጢም ብሎ የሚሞላው በሁለት ሌሊት ብቻ ነው፤ በከተራ፣ ማለትም ጥር 10፣ እና በጥምቀት፣ ጥር 11። በፊትና በኋላ ያሉት ሌሊቶች ግን ሌላ ታሪክ አላቸው። ቡድኑ ከሚይዛቸው 16 ክፍሎች ውስጥ ጥር 8 በራሳቸው የሚሸጡት 5 ያህል ናቸው። ጥር 9 ወደ 9 ይወጣል። ጥር 12 የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለስበትና ከተማው ገና በዓል ላይ ያለበት ቀን ቢሆንም፣ አብዛኛው የአዲስ አበባ እንግዳ ወደ ሥራው ስለሚሄድ ክፍሉ ወደ 6 ይወርዳል። በዓሉ የሾለ ተራራ ነው፤ ጫፉ ከፍ ያለ፣ ጎንና ጎኑ ገደል።

አሁን ሒሳቡ። ቡድኑ ባይመጣ እነዚህ 16 ክፍሎች በሁለቱ ዋና ሌሊቶች 192,000 ብር ያስገባሉ። በሦስቱ ጎን ሌሊቶች የሚሸጡት 20 ክፍሎች በ4,000 ሲሰሉ 80,000 ብር ይሆናሉ። በድምሩ 272,000 ብር ማለት ነው። ቡድኑን መቀበል ማለት ይህን ገንዘብ መተው ነውና ማንኛውም ቅናሽ የሚለካው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው። ብዙ ሥራ አስኪያጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቅናሹን ከ6,000 ብር ጋር እያነጻጸረ «20 በመቶ ከሰርን» ይላል። ትክክለኛው ጥያቄ ግን እነዚያ ክፍሎች ያለ ቡድኑ በጠቅላላው ስንት ያስገቡ ነበር የሚለው ነው።

ቡድኑ ከጥር 8 እስከ ጥር 12 አምስቱንም ሌሊት ቢያድርና ዋጋው በ20 በመቶ ተቀንሶ 4,800 ብር ቢሆንስ? ከ16ቱ ክፍሎች አንዱ ለቡድን መሪው በነጻ ይሰጣል እንበል፤ የሚከፈልባቸው 15 ናቸው። 15 ክፍል በአምስት ሌሊት 75 ይሆናል፤ በ4,800 ሲባዛ 360,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ አንድ ነገር መቀነስ አለበት። ቡድኑ ባይመጣ ባዶ ያድሩ የነበሩ 28 ክፍሎች አሁን ሰው ስለገባባቸው ቁርስ፣ አንሶላ አጠባ፣ ውኃ፣ ሳሙና ይፈልጋሉ። ለአንዱ 700 ብር ቢያዝ 19,600 ብር ይወጣል። የሚተርፈው 340,400 ብር ነው። ከ272,000 ጋር ሲተያይ የ68,400 ብር ብልጫ አለው።

ባለቤቱ ወረቀቱን ዓይናቸው ላይ አስጠግተው ያዩታል። ቡድኑ ማታ ማታ እዚያው እራት ቢበላ የሚመጣው ገንዘብ ገና አልተቆጠረም።

ነገር ግን ያው ቡድን፣ በዚያው ዋጋ፣ ሦስት ሌሊት ብቻ ቢያድር ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ጥር 9፣ 10 እና 11 ሆቴሉ በራሱ 228,000 ብር ያስገባ ነበር። ቡድኑ የሚከፍለው 216,000 ነው፤ የተጨማሪ ክፍሎች ወጪ ሲቀነስ ደግሞ 211,100 ብር ይቀራል። ሆቴሉ ወደ 17,000 ብር ከሰረ። ዋጋው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሌሊቱ ብዛት ነው። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ከዋጋው የበለጠ ክብደት ያለው ዓረፍተ ነገር «ከአምስት ሌሊት ላላነሰ ቆይታ» የሚለው ነው። ይህን ሐረግ የረሳ ደብዳቤ የቱንም ያህል በትሕትና ቢጻፍ ገንዘብ ያስወጣል።

ከዚሁ ሒሳብ ሌላ ጠቃሚ ቁጥር ይገኛል። 272,000 ብርና የ19,600 ብሩ ወጪ ተደምረው ለ75 ሲካፈሉ 3,888 ብር ይሆናል። ይህ ወለሉ ነው። ከዚህ በታች ቡድኑን ከመቀበል በሩን ለግለሰብ እንግዳ ክፍት ማድረግ ይሻላል። ቁጥሩ በደብዳቤው ላይ አይጻፍም፤ በሥራ አስኪያጇ ማስታወሻ ላይ ግን መኖር አለበት፤ አለዚያ ድርድሩ ሲጀመር የት ላይ እንደምትቆም አታውቅም።

ይህን ጨርሳ ነው ደብዳቤውን የምትጽፈው። እንዲህ ይላል፦

«ለ……… አስጎብኚ ድርጅት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ለ2019 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል የቡድን ዋጋ ስለማቅረብ

ለ2019 ዓ.ም. ጥምቀት በጎንደር 16 ክፍሎች እንደምትፈልጉ በጠየቃችሁት መሠረት የሚከተለውን ዋጋ አቅርበናል።

እንግዶቹ ቅዳሜ ጥር 8 ቀን 2019 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 16 ቀን 2027) ገብተው ሐሙስ ጥር 13 ቀን 2019 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 21 ቀን 2027) ይወጣሉ፤ አምስት ሌሊት። ከአምስት ሌሊት ላላነሰ ቆይታ የአንድ ክፍል ዋጋ በሌሊት 4,800 ብር ነው፤ በበዓሉ ሰሞን ለግለሰብ እንግዳ የምንሸጥበት 6,000 ብር ነው። ዋጋው ቁርስን ይጨምራል። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አልተካተቱበትም፤ ሁለቱ ሲታከሉ ለአንድ ክፍል በሌሊት የምትከፍሉት 6,072 ብር ይሆናል። 15 ክፍል ሲከፈል አንድ ክፍል ለቡድን መሪው በነጻ እንሰጣለን።

በጥምቀት ዕለት እንግዶቻችሁ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው በእግር ወደ ጥምቀተ ባሕሩ መሄድ እንዲችሉ ትኩስ ሻይና ቡና እናዘጋጃለን፤ ቁርሳቸውን ቋጥረን እንሰጣለን፤ ሲመለሱም እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ቁርስ ይቆያል።

ይህ ዋጋ እስከ ግንቦት 30 ቀን 2018 ዓ.ም. የጸና ነው። ስምምነታችሁን በጽሑፍ በገለጻችሁ በ15 ቀን ውስጥ 108,000 ብር ቀብድ ትከፍላላችሁ። እስከ ጥቅምት 30 ቀን 2019 ዓ.ም. እስከ አራት ክፍል ያለ ቅጣት መመለስ ትችላላችሁ። የእንግዶች ስም ዝርዝርና ቀሪው ክፍያ እስከ ታኅሣሥ 8 ቀን 2019 ዓ.ም. ይደርሰናል።

ከሰላምታ ጋር»

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ነገር ግን እያንዳንዱ መስመር ባለፉት ዓመታት አንድ ቦታ ላይ የደረሰ ጭቅጭቅ ጥሎት የሄደ ነው፤ ሦስት አራቱን ቆም ብሎ ማየት ይጠቅማል።

ቀኑ በሁለት አቆጣጠር የተጻፈው ለማሳመር አይደለም። ጥምቀት ሁልጊዜ ጥር 11 ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ግን ሁልጊዜ ጃንዋሪ 19 አይሆንም። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ወደ ጃንዋሪ 20 ይገፋል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኗል፤ በ2020 ዓ.ም.ም ይሆናል። ነገሩን ይበልጥ የሚያወሳስበው ገና ነው፤ በእነዚያው ዓመታት ገና ወደ ታኅሣሥ 28 ስለሚመለስ ጃንዋሪ 7 ላይ ይጸናል። ስለዚህ ላሊበላን ለገና፣ ጎንደርን ለጥምቀት ይዞ ጉዞ የሚያዘጋጅ የውጭ ድርጅት የአምናውን ቀን ቢገለብጥ ገናው ልክ ይመጣለታል፤ ጥምቀቱ ግን በአንድ ቀን ይስታል። በ2020 ዓ.ም. በጃንዋሪ 19 ጠዋት ጥምቀተ ባሕሩ ዳር የቆመ ቱሪስት የሚያገኘው የከተራን ማለዳ ነው።

በራሳችን ቋንቋም የሚያጣላ ነገር አለ። «ለጥር 11 አጥቢያ አልጋ ያዙልኝ» ያለ ሰው የሚፈልገው የጥር 10ን ሌሊት ነው፤ ሪሰፕሽን ላይ ያለው ወጣት ግን ጥር 11 ብሎ ሊመዘግበው ይችላል። ለዚህ ነው ደብዳቤው ሌሊቶቹን ከመቁጠር በፊት የመግቢያውንና የመውጫውን ቀን ከነዕለቱ ስም የሚጽፈው። ቅዳሜ ገብቶ ሐሙስ መውጣት ለማንም ግልጽ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የሚለው ለውጭው አስጎብኚ ሲተረጎም 4 ሰዓት እንደሚሆን የሚያስታውስ ሰው ያስፈልጋል።

ግብሩ ተዘርዝሮ ባይጻፍ ምን ይሆናል? አስጎብኚው 4,800 ብር የሚለውን ይዞ የጉዞውን ዋጋ ያትማል፤ ለደንበኞቹም ይሸጣል። ጥር ላይ ደረሰኙ ሲመጣ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ፣ በዚያም ላይ 15 በመቶ ታክስ ተጨምሮ በአንድ ክፍል 1,272 ብር ብልጫ ያያል። በ75 ክፍል 95,400 ብር ነው። ይህን ከደንበኞቹ መልሶ መጠየቅ አይችልም፤ የታተመ ዋጋ ታትሟልና። ብዙ ጊዜ ሆቴልና አስጎብኚ ለዓመታት የሚቀያየሙት በቅናሹ ትንሽነት ሳይሆን በዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

ወደ ሕጉ ስንመጣ ሥራ አስኪያጇ «ቅድመ ክፍያ» ሳትል «ቀብድ» ማለቷን ልብ ይሏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለቀብድ የራሱ የሆነ ውጤት ሰጥቶታል። ቀብድ መቀበል ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው። በአንቀጽ 1885 መሠረት ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ውሉን ሲተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ወገን ሲተው ግን እጥፉን ይመልሳል። ቃሉ ሁለት ወገን የሚቆርጥ ሰይፍ ነው። አስጎብኚው ቡድኑን ቢያስቀር 108,000 ብር ያጣል። ሆቴሉ ደግሞ በከተራ ዋዜማ 9,000 ብር በጥሬው የሚሰጥ እንግዳ በማየቱ ቡድኑን ቢተወው 216,000 ብር መመለስ ይኖርበታል።

ይህ ለአስጎብኚው ከቅናሹ የበለጠ ዋጋ ያለው ነገር ነው። አስጎብኚ በጥምቀት ሌሊቱን ሙሉ የሚያስጨንቀው ከአውሮፕላን የወረዱ 28 እንግዶች ሪሰፕሽን ላይ ቆመው «ክፍሉ ተይዟል» መባል ነው። ቃሉን በገንዘብ የሚያስይዝ ሆቴል ከዚህ ጭንቀት ይገላግለዋል፤ ስለዚህ በዋጋው ላይ ብዙም አይከራከርም። ሆቴሎች ይህን ሐረግ ከመሸሽ ይልቅ በኩራት ሊጽፉት ይገባል።

«እስከ ግንቦት 30 የጸና ነው» የሚለውም እንዲሁ ለደንብ የገባ መስመር አይደለም። በዚያው ሕግ የጊዜ ገደብ ያስቀመጠ ሰው ገደቡ እስኪያልቅ በቃሉ ይታሰራል። ገደብ ካላስቀመጠ ደግሞ ተገቢ ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ ይጠበቅበታል፤ «ተገቢ ጊዜ» ስንት እንደሆነ የሚወስነው ግን ክርክር ነው። ሥራ አስኪያጇ 16ቱን ክፍሎች ለሌላ ልታሳይ የምትችልበትን ቀን ራሷ መወሰኗ ይሻላታል።

እስካሁን ያየነው ደብዳቤ ግን ሁለት ነገሮች ይጎድሉታል፤ ልምድ ያለው አስጎብኚም ሆነ ልምድ ያላት ሥራ አስኪያጅ ከመፈረማቸው በፊት ይጨምሯቸዋል።

አንደኛው የብር ነገር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በብር የተፈረመ የጥምቀት ውል የያዘ ሆቴል፣ ዘይቱንና ቡናውን በአዲሱ ዋጋ እየገዛ በአሮጌው ብር ማስተናገድ ነበረበት፤ በዶላር የሰበሰበው አስጎብኚ ግን ተረፈው። «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ነው» ብሎ መከራከር እዚህ ላይ አያዋጣም፤ አንቀጽ 1794 የዋጋ መጨመርን ከአቅም በላይ ከሆኑ ነገሮች አውጥቶታልና። መፍትሔው በደብዳቤው ውስጥ መሆን አለበት። ለምሳሌ የምንዛሪው ዋጋ ከስምምነቱ ቀን ጀምሮ ከ10 በመቶ በላይ ከተለወጠ ሁለቱ ወገኖች እስከ ጥቅምት 30 ድረስ ዋጋውን እንደገና ያዩታል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ዋጋው መንቀሳቀስ የለበትም፤ እንግዶቹ ቲኬታቸውን ቆርጠዋል።

ሁለተኛው የበለጠ ይከብዳል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መንገዱን ዘጋው። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የጎንደር ሆቴሎች ወና ሆነው የሰነበቱባቸው ወራት ነበሩ። ከዚህ ሁሉ በኋላ አብዛኞቹ ውሎች «ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ሲያጋጥም» በሚል አንድ መስመር ነገሩን ያልፉታል። ይህ መስመር ሰዎች እንደሚያስቡት አይጠብቅም። ሕጉ ከአቅም በላይ የሚለው ተዋዋዩ አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውንና ግዴታውን ጨርሶ እንዳይፈጽም የሚከለክለውን ነገር ነው። ጦርነትና የመንግሥት ክልከላ ከምሳሌዎቹ ውስጥ ተጠቅሰዋል። ነገር ግን ውሉ ሲፈረም ግጭት ካለ ወይም ሁሉም የሚያወራው ከሆነ፣ «ሊታሰብ የማይችል» ነበር ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። በረራ እየገባ፣ ነገር ግን የእንግዶቹ አገር ኤምባሲ «አትሂዱ» ብሎ ቢያስጠነቅቅስ? መሄድ አደገኛ ነው፤ የማይቻል ግን አይደለም።

ስለዚህ ሁኔታዎቹን በስማቸው መጥራት ያስፈልጋል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራ እንግዶቹ ከሚገቡበት ቀን በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ከተቋረጠ፣ መንግሥት እንቅስቃሴ ከከለከለ፣ ወይም የአብዛኞቹ እንግዶች አገር መንግሥት ወደ ከተማው እንዳይጓዙ ካስጠነቀቀ። የሚከተለውም መጻፍ አለበት። በእንዲህ ያለ ጊዜ ገንዘቡን ወዲያው መመለስ ለብዙ ሆቴል አይቻልም፤ ቀብዱ ለሠራተኛ ደመወዝ ወጥቷል። ስለዚህ ቀብዱ ለአንድ ዓመት ተይዞ ለሌላ ቡድን እንዲውል መስማማት ለሁለቱም ይቀላል። አስጎብኚው ገንዘቡን አያጣም፤ ሆቴሉም የሚመጣ እንግዳ ይኖረዋል።

ደብዳቤው ከሄደ በኋላ ባለው ሳምንት መልስ ይመጣል እንበል። አስጎብኚው ጥር 8ን አልፈለገውም። ቡድኑ በዚያ ቀን ገና ባሕር ዳር ነው፤ ስለዚህ ከጥር 9 ጀምሮ አራት ሌሊት፣ ዋጋውም 4,300 ብር ይሁንልን ይላል። ባለቤቱ «ከ4,800 ብዙም አልራቀም፤ እንስማማ» ሊሉ ይችላሉ። ሥራ አስኪያጇ ግን ወለሉን እንደገና ታሰላለች። በአራት ሌሊት ሆቴሉ በራሱ 252,000 ብር ያስገባ ነበር፤ ወጪው 11,900 ብር ነው፤ የሚከፈልባቸው ክፍሎች 60 ናቸው። ወለሉ 4,398 ብር ሆኖ ይወጣል። ከአንድ ሌሊት መቅረት የተነሣ ከ3,888 ወደ 4,398 ዘለለ። በ4,300 መቀበል ኪሳራ ነው።

እምቢ ብላ አትጽፍም። ሁለት ምርጫ ታቀርባለች፤ አራት ሌሊት በ4,800 ብር፣ ወይም አምስት ሌሊት በ4,500። ለሆቴሉ የመጀመሪያው 24,100 ብር ብልጫ ያመጣል፤ ሁለተኛው፣ ዋጋው ዝቅ ብሎ ሳለ፣ 45,900 ብር። አስጎብኚውም ሲያሰላው ለአምስተኛው ሌሊት የሚጨምረው 49,500 ብር ብቻ እንደሆነ ያያል። ለ16 ክፍል ሲካፈል ለአንዱ ከ3,100 ብር ያነሰ ነው፤ ከተራ የጥር ሌሊት ዋጋ እንኳ ይረክሳል።

የቀረው ቡድኑ ጥር 8 ጎንደር ላይ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ዋጋ ብቻውን ፕሮግራም አይለውጥም። ስለዚህ በመልሷ ግርጌ ሁለት መስመር ትጨምራለች። ከባሕር ዳር በጠዋት ከተነሡ ከሰዓት በኋላ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደርሰው የጣራውን መላእክት ያለ ግፊያ ማየት ይችላሉ፤ ጥር 9 የፋሲል ግቢንና የእቴጌ ምንትዋብን ቁስቋም ቢያዩ፣ ከተማው በሰው ሳይጥለቀለቅ፣ አስጎብኚው ለፍጥነት ሲል የሚዘልላቸውን ክፍሎች ሁሉ ያዳርሳሉ። በበዓሉ ማግስት ወደ ሰሜን ተራሮች ለሚሄዱትም ጥር 13 ጠዋት ስንቅ ቋጥረው ወደ ደባርቅ እንዲነሡ ወጥ ቤቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይከፈታል። ከዚያ ፊርማዋንና የሆቴሉን ማኅተም አኑራ፣ «እስከ ግንቦት 30» የሚለውን ቀን ሳትነካ ትልከዋለች።